«የቤቴን በር ማን አጣመመው?»

የዛሬውን ጽሑፍ በራሴ ጥፋት እጀምራለሁ።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ፣ አዳማ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ የምትሸጥ ወዳጄ ለበዓሉ ማስታወቂያ እንድሠራላት ጠየቀችኝ። እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ከመሥሪያ ቤት ውጭም እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ወዳጆቼን አግዛለሁ። ለሞዴል የሚከፈል ገንዘብ ስላልነበረ ዓለም ጤና የምትኖረውን የአክስቴን ልጅ ለመንኳት። ቁመናዋ ደልደል ያለ፣ ፊቷ ፈገግታ የማያጣው ልጅ ናት። እሷም ደስ አላት፤ ፎቶ አንሺውን ይዤ በሞጆ በኩል ወረድኩ።

ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀን ወደ ማታ ላይ፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባው የእንጨት በር ፊት አቆምናት። ነጩ ቀሚስ ከደረት እስከ እግር የሚወርድ አረንጓዴ ጥለት አለው። ምሽቷ ፀሐይ ከጎን ስትመታት ጥላዋ ግድግዳው ላይ አረፈ። አሥራ አምስት ደቂቃ አልፈጀብንም። ከዚያ አክስቴ ቡና አፈሉ፤ ጠጥተን ተመለስን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት ሜትር ቁመት ያለው ባነር ሱቁ ፊት ተሰቀለ። አክስቴ ለበዓል ሊገበያዩ አዳማ መጡና ይዣቸው ሄድኩ። እንደሚኮሩ እርግጠኛ ነበርኩ። ቆመው አዩት፤ ቀና ብለው አዩት፤ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ትንሽ ጠጋ አሉ።

«በሩ የእኔ በር ነው» አሉኝ። «ልጅቷ ግን ማን ናት?»

«ልጅዎ ናት እንጂ!» አልኳቸው።

«ተይ አንቺ! እኔ የወለድኳትን አጣታለሁ?» ዝም ካሉ በኋላ ደግሞ ጣታቸውን ወደ ባነሩ ቀሰሩ። «የቤቴን በርስ ማን አጣመመው?»

እውነትም ከልጅቷ ወገብ አጠገብ ያለው የበሩ መቃን እንደ ቀስት ጎብጦ ነበር። እኔ ያንን ፎቶ ከሃያ ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ። አጽድቄ ወደ ማተሚያ ቤት የላክሁትም እኔ ነኝ። መቃኑን ግን አላየሁትም።

«ትንሽ ብቻ» እንዴት በረከተ?

ያን ምሽት ዲዛይነሩ አጠገብ ተቀምጬ የሠራነውን በቅደም ተከተል ላስታውሳችሁ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። መጀመሪያ ብርሃኑን አነሳነው። ቀጥሎ ከበሩ በላይ የተንጠለጠለውን የኤሌክትሪክ ገመድ አጠፋነው። አገጯ ላይ የነበረችውን አንዲት ብጉር ሸፈንናት። ቀሚሱ ከሻንጣ ሲወጣ የያዘውን ጭምድ አስተካከልን። እስከዚህ ድረስ ማንም የሚከፋበት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዳጄ በስልክ «ወገቧ አካባቢ ትንሽ ሰፋ አላለም?» አለች። ሰፋ ብሎ ነበር፤ እውነቷን ነው። ግን ያሰፋው ሰውነቷ ሳይሆን አነሳሳችን ነበር። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ፎቶ አንሺው ሰፊ እይታ ያለው ሌንስ ገጥሞ ከሁለት ሜትር ባነሰ ርቀት፣ ጉልበቱን አንበርክኮ ነው ያነሳት። እንዲህ ሲሆን ወደ ካሜራው የቀረበው የሰውነት ክፍል ይገዝፋል፤ የራቀው ያንሳል። ሆዷና ዳሌዋ ከፊቷ ይልቅ ለሌንሱ ቅርብ ስለነበሩ ጎልተው ወጡ። ጥፋቱ የርቀት ነበር፤ መፍትሔው እንደገና ማንሳት ነበር። እኛ ግን ለመንገዱ ሰነፍንና ሰውነቷን ማረም ጀመርን።

ዲዛይነሩ የተጠቀመበት መሣሪያ ሊኩዊፋይ ይባላል። ፎቶሾፕ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ዛሬ ግን ተመሳሳዩ በየስልካችን መተግበሪያ ውስጥ አለ። ፎቶውን እንደ ለስላሳ ሊጥ አስቡት። ብሩሹን ወገቡ ጠርዝ ላይ አሳርፎ ወደ ውስጥ መግፋት ነው፤ ሊጡ ይከተላል። አንዱ ብሩሽ ይገፋል፣ ሌላው ያጠብባል፣ ሦስተኛው ያብጣል። መገፋት የሌለበትን ቦታ የሚያደርቅ ማገጃም አለ።

ወገቧን «ትንሽ ብቻ» ገፋነው። ወገቡ ሲቀጥን ክንዷ የወፈረ መሰለ፤ ክንዷን ቀነስን። ክንዱ ሲቀንስ ዳሌዋ ጠፍጣፋ ሆነ፤ ሞላ አደረግነው። በመጨረሻ ፊቷ ለሰውነቷ የሰፋ መሰለንና አንገቷን ሳብ አደረግን። እያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ነበር፤ የምናወዳድረውም ሁልጊዜ ከአንድ ደቂቃ በፊት ከነበረው ጋር እንጂ ከመነሻው ፎቶ ጋር አልነበረም። ሰው ሳያውቀው ከመስመር የሚወጣው እንዲህ ነው።

ከአክስቴ በኋላ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ከፍቼ በማስመሪያ ለካሁ። መነሻው ላይ የትከሻዋ ስፋት 40 ሚሊሜትር ሲሆን ወገቧ 30 ነበር። የታረመው ላይ ትከሻዋ ያው 40፣ ወገቧ ግን 24 ሆኗል። አንድ አምስተኛው ሄዷል ማለት ነው። የልጅቷ ወገብ በሜትር ሲለካ 78 ሴንቲሜትር ነው። በዚያው ልክ ብንቀንሰው 62 ገደማ ይሆናል። በአንድ ምሽት፣ ቡና እየጠጣን፣ 16 ሴንቲሜትር ቆርጠን ጥለናል። ከዚህ ውስጥ ሌንሱ የጨመረው ከትንሽ በላይ አይሆንም።

ጥለቱ ይናገራል

እንዲህ ያለ እርማት በምን ይታወቃል? አብዛኛውን ጊዜ አካሉ ላይ ሳይሆን አካሉ አጠገብ ይታወቃል፤ ብሩሹ ወገቡን ሲገፋ ጀርባ ያለውንም አብሮ ይጎትታልና። ስለዚህ ቀጥ ያለ መሆኑን የምታውቁትን ነገር ፈልጉ፦ የበር መቃን፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የወለል ሴራሚክ፣ የግድግዳ ጠርዝ። ልክ ወገብ ወይም ክንድ አጠገብ ሲደርስ የሚጎብጥ ከሆነ እጅ ገብቶበታል።

በእኛ አገር ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምስክር አለ፤ ጥለቱ። ሸማኔ ክር ቆጥሮ የሠራው ጥለት ከላይ እስከ ታች ስፋቱ እኩል ነው። ልብሱ ታጥፎ ወይም በመቀነት ታስሮ ካልሆነ በቀር ጥለቱ ወገብ ላይ ጠቦ ዳሌ ላይ ሊሰፋ አይችልም። የእኛ ባነር ላይ ጥለቱ ወገቧ ጋ ቀጥኖ፣ ከታች እንደ ጎርፍ መፍሰሻ ሰፍቶ ነበር። አክስቴ በሩን አዩ፤ ሸማኔ ቢያይ ኖሮ ጥለቱን ነበር የሚጠይቀን።

ሦስተኛው ጥላ ነው። ግድግዳው ላይ ያረፈውን ጥላ ማንም አልነካውም። ከጥላው ያልተነካ ወገብ አጠገብ የተገፋው ወገብ ቆሟል። አንድ ሰው በሁለት ወገብ!

ለምን ይተቻል?

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ «ማስታወቂያ ያው ማስታወቂያ ነው፤ ማን እውነት ብሎ ያየዋል?» ይላሉ። ትችቱን ግን በሦስት ወገን ከፍለን ብናየው ይገባናል፦ ፎቶ የተነሳችው፣ የምትገዛዋ፣ ዝም ብላ የምታየዋ።

ከተነሳችው እንጀምር። ብዙ የተወራበት ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2009 ራልፍ ሎረን የተባለው የአሜሪካ የልብስ ድርጅት ያወጣው የጂንስ ማስታወቂያ ነው። ፊሊፓ ሃሚልተን የተባለችው ሞዴል ወገብና ዳሌ ከጭንቅላቷ ጠቦ ታየ። ዓለም ሲሳለቅበት ድርጅቱ የምስሉ እርማት የሴትን አካል ያዛባ መሆኑን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ቀደም፣ በ2003፣ ተዋናይቷ ኬት ዊንስሌት በአንድ የወንዶች መጽሔት ሽፋን ላይ እግሮቿ ከእውነታው በጣም ቀጥነው በመውጣታቸው በይፋ ተቃውማለች። በ2017 ደግሞ ኬንያዊቷ ተዋናይት ሉፒታ ኒዮንጎ በአንድ የእንግሊዝ መጽሔት ሽፋን ላይ ተፈጥሯዊ ጸጉሯ ተቆርጦና ተለስልሶ በማየቷ ቅሬታዋን ገለጸች። የሦስቱም ስሜት አንድ ነው፤ ስማቸው ሥር የሌላ ሰው አካል ተቀመጠ።

የእኛ ልጅ ዝነኛ አይደለችም፤ የደረሰባት ግን ያው ነው። ዓለም ጤና ትንሽ ከተማ ናት፤ ፎቶው በስልክ ዞረ። አሮጊቶቹ «ምን ነካት? አሟት ነው እንዴ የከሳችው?» ብለው አክስቴ ቤት ጠየቁ። እኩዮቿ ደግሞ «ፎቶው ላይ እንዲህ አይደለሽም እኮ» ይሏት ጀመር። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ሰው መጀመሪያ ባነሩን አይቶ ከዚያ እኔን ሲያይ ፊቱ ላይ የሚያልፈውን ነገር አውቀዋለሁ።» አክስቴ ከዚያ በኋላ ደውለው፣ ልጅቷ እራት መብላት መተዋን ነገሩኝ። «ፎቶውን ልትደርስበት ነው መሰለኝ» አሉ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው ጉዳዩ የሙያ ስህተት ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። ፎቶውን የማትደርስበት የራሷ ፎቶ ስለሆነ ነበር። የሌላ ሰው ቢሆን «እሷ እንዲያ ናት» ብላ ታልፈው ነበር።

ሁለተኛዋ የምትገዛዋ ናት። ወዳጄ በቴሌግራም ካገኘቻቸው 14 ትዕዛዞች ውስጥ አምስቱ ተመለሱ። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ፎቶው ላይ ያለው ቀሚስ ይህ አይደለም።» ልክ ነበሩ! ቀሚሱ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነው። እኛ ወገቧን ስንገፋ ቀሚሱም አብሮ ተገፋ፤ ዳሌዋን ስንሞላ ታችኛው ክፍል ተዘረጋ። ሳናስበው ወገቡ የተያዘ፣ ከታች ሰፋ የሚል ሌላ ስፌት ፈጠርን። ልብስ ሰፊው ያልሰፋውን ቀሚስ ነው የሸጥነው።

በዚህ በኩል ከሁሉ የሚያስተምረው የእንግሊዝ ጉዳይ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 የፓርላማ አባሏ ጆ ስዊንሰን ባቀረቡት አቤቱታ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪው አካል ሁለት ማስታወቂያዎችን አገደ። አንዱ የላንኮም ነው፤ ጁሊያ ሮበርትስ አለችበት። ሌላው የሜይቤሊን ሲሆን ክሪስቲ ተርሊንግተን ትታይበታለች። ሁለቱም የፊት መቀባያ የሚሸጡ ነበሩ። ተቆጣጣሪው «ለምን ፎቶ ነካችሁ?» አላለም። ጥያቄው የተቀየሰው በሸቀጡ በኩል ነበር፦ ያ ጥርት ያለ ፊት የመጣው ከመቀባያው ነው ወይስ ከኮምፒውተሩ? ድርጅቱ ውጤቱ የመቀባያው መሆኑን ማሳየት ስላልቻለ ማስታወቂያዎቹ ወረዱ። ያው ፊት ለሰዓት ማስታወቂያ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው በዚህ መልኩ አይነሳም ነበር።

የእኛም ሕግ ወደዚያው ያመለክታል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የፎቶ ማስተካከያን በስም አያነሳም። ነገር ግን ማንኛውም ማስታወቂያ ከሚያሳስት ነገር የጸዳ እንዲሆንና የሚተዋወቀውን ምርት ትክክለኛ ባሕርይ፣ ጥቅምና ጥራት እንዲገልጽ ያዛል። የተገፋ ወገብ ቀሚሱን ካለቀየረው የግል ጉዳይ ሊባል ይችል ይሆናል፤ ቀሚሱን ከቀየረው ግን «ትክክለኛ ባሕርይ» የሚለው ቃል ይደርስበታል።

ሦስተኛዋ ምንም የማትገዛዋ፣ በመንገድ የምታልፈው ተማሪ ናት። እኛ ጋ ድሮ ሞላ ማለት የጤና ምልክት ነበር፤ «አማረባት» የሚባለው የወፈረችው ነበረች። ዛሬ ባነሮቻችን ላይ የምናየው ወገቡ የጠፋ፣ ዳሌው የሞላ፣ ቆዳው የፈካ አካል ነው። አንዱ ሲቀነስ ሌላው ስለሚጨመር በአመጋገብም በስፖርትም የሚደረስበት አይደለም። ችግሩ የአንዱ ፎቶ መታረም አይደለም፤ መቶ ባነር በአንድ ልክ ሲታረም ልጅቷ ዙሪያዋን ያለውን ሰው ሳይሆን ባነሩን እንደ መደበኛ መውሰዷ ነው።

አንዳንድ አገሮች ለዚህ ሕግ አውጥተዋል። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ሕግ ሞዴሏን ያቀጠነ እርማት በማስታወቂያው ላይ እንዲገለጽ አዘዘች። ፈረንሳይ ከጥቅምት 2017 ጀምሮ የሞዴል አካል የቀጠነበት ወይም የወፈረበት የንግድ ፎቶ «የታረመ ፎቶ» የሚል ጽሑፍ እንዲይዝ አስገድዳለች፤ ቅጣቱ 37,500 ዩሮ ሲሆን እስከ ማስታወቂያው ወጪ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል። «ወይም የወፈረበት» የምትለዋን ልብ በሉ፤ ለእኛ አገር ዳሌ መሙላት በትክክል የምትሠራ ናት። ኖርዌይም እ.ኤ.አ. በ2022 የአካል ቅርጽ፣ መጠን ወይም ቆዳ የተነካባቸው ማስታወቂያዎች አንድ ወጥ ምልክት እንዲኖራቸው አድርጋለች፤ ተከፍሏቸው በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያስተዋውቁትም ይገደዳሉ።

ምልክቱ ግን መድኃኒት አይደለም። ብዙ ጥናቶች «ታርሟል» የሚል ጽሑፍ የተመልካቿን ከራስ ጋር የማነጻጸር ስሜት እምብዛም እንደማይቀንስ አሳይተዋል። ዓይን ያየውን ልብ አንብቦ አይሽረውም። ለዚህ ነው ጌቲ ኢሜጅስ የተባለው ትልቁ የፎቶ ሻጭ ድርጅት ከዚያው ከጥቅምት 2017 ጀምሮ አካላቸው እንዲቀጥን ወይም እንዲወፍር የተደረገ የሞዴሎች ፎቶ አልቀበልም ማለቱ ይበልጥ ትርጉም የሚሰጠኝ። ምልክት ከመለጠፍ አለመግፋት ይቀላል።

መስመሩ የት ነው?

«እንግዲያው ምንም አትንኩ» ማለቴ አይደለም። ያልተነካ ፎቶም ሊዋሽ ይችላል፤ የእኛ ሌንስ የአክስቴን ልጅ አወፍሮ ዋሽቶባታልና። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም እርማት ከማጽደቄ በፊት ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያው፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብንመጣ ያ ነገር በራሱ ይጠፋ ነበር? ብጉሯ ትጠፋ ነበር፤ የወባ ትንኝ ንክሻ፣ የደከመ ዓይን፣ ቀሚሱ ላይ የተጣበቀ ክር እንዲሁ። እነዚህ የዚያች ቀን እንግዶች ናቸው። ወገብ፣ የክንድ ውፍረት፣ ጠባሳ፣ የቆዳ ቀለም ግን ባለቤቶች ናቸው። እንግዳን መሸኘት ይቻላል፤ ባለቤትን ማስወጣት ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው፦ የነካነው ነገር የምንሸጠው ነው ወይ? ከሆነ እጃችንን እንሰብስብ። ለቀሚስ ስፌቱና ቀለሙ፣ ለጂም ሰውነቱ፣ ለቅባት ቆዳው፣ ለጸጉር ቤት ጸጉሩ የተከለከለ ቦታ ነው። የኤሌክትሪክ ገመዱን ማጥፋት ማንንም አላታለለም፤ ገመድ አልሸጥንምና።

ሦስተኛው፦ ባለቤቷ የመነሻውንና የታረመውን ጎን ለጎን አይታ «እኔ ነኝ» ትላለች? የመጨረሻውን ብቻ ማሳየት ፈቃድ መጠየቅ አይደለም። የእኛ ልጅ ባነሩን ያየችው እንደማንኛውም ሰው ከተሰቀለ በኋላ ነው፤ ጥፋቴ ከሁሉ የከፋው እዚህ ላይ ነው።

መሐል ላይ የሚያከራክሩ ነገሮች አሉ። ፎቶ ሲነሳ ልብሱን ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ ሰብስቦ መያዝ የተለመደ ነው፤ ኮምፒውተር አልነካውም፣ ግን ገዢዋ የምታየው ቤቷ የማይመጣላትን ልክ ነው። የእኔ ፍርድ፣ ሱቁ በልክ አስፍቶ የሚያስረክብ ከሆነ «በልክዎ ይሰፋል» ተብሎ ተጽፎ ይያዝ፤ ተሰፍቶ ያለቀውን የሚሸጥ ከሆነ መርፌው ይውጣ። ትንሽ ጎን ብሎ መቆምስ? እሱን ገዢዋም በመስታወት ፊት ታደርገዋለች፤ ሰውነቷ በእውነት የሚያደርገው ነገር ነው። የሌንስን ማዛባት ማረምም ተገቢ ነው፤ መለኪያው ግን «እንዴት ባማረ» ሳይሆን «ዓይናችን እዚያ ቆሞ ያየው ምን ነበር» የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ የልብስ ሰፊ ሜትር አለ፤ የትከሻና የወገብን ልክ ይዞ ከፎቶው ጋር ማነጻጸር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ ሰማያዊው በር ተመለስን

ባነሩን ወዳጄ ራሷ አወረደችው። የማተሚያ ወጪውን ለሁለት ተካፈልን። ከዚያ በቅዳሜ ተመልሰን ዓለም ጤና ሄድን። ልጅቷ መጀመሪያ እምቢ አለች፤ አልፈረድኩባትም። አብራን ፎቶዎቹን እንደምትመርጥና ያልወደደችው እንደማይወጣ ስነግራት ተነሳች።

በዚህ ጊዜ የግቢውን መዝጊያ ከፍተን ፎቶ አንሺው ደጅ ድረስ ወጣ፤ ከአራት ሜትር በላይ ርቆ፣ ሰፊውን ሌንስ ቀይሮ፣ ካሜራውን ደረቷ ልክ ይዞ ቆመ። ሌላ ነገር አላደረግንም። ፎቶው ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ሁላችንም ዝም አልን፤ ያ «ሰፋ ያለ» ወገብ አልነበረም። የነበረው የእሷው 78 ሴንቲሜትር ነው፤ አምሮባታል። ያን ሁሉ ምሽት የታገልነው ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ባለመራመዳችን ነበር።

አሁን ለዲዛይነር ሥራ ስሰጥ በጽሑፍ የምልካት አጭር ትዕዛዝ አለችኝ፦ ብርሃንና ጀርባ ይስተካከል፤ ወገብ፣ ዳሌ፣ ክንድ፣ አንገትና የቆዳ ቀለም አይነካ፤ የልብሱ ቀለም ከልብሱ ጋር ተነጻጽሮ ይጽደቅ፤ መነሻው ፎቶ ሳይጠፋ ይቀመጥ። በቃል «ትንሽ አሳምረው» ማለት ትቻለሁ፤ ዲዛይነር «አሳምረው» ሲባል ምን እንደሚጠበቅበት ከየባነሩ ተምሯልና።

ገበያውስ? እውነቱን ልንገራችሁ። አዲሱ ፎቶ በቴሌግራም ያገኘው አድናቆት ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። ትዕዛዙ 11 ነበር፤ የተመለሰው አንድ፤ እሱም እጅጌው አጥሯት ነው። በአንድ በዓል ሽያጭ ትልቅ ድምዳሜ አይሰጥም። ወዳጄ ግን ሒሳቡን በራሷ መንገድ ሠራች፦ «አምስት ቀሚስ ተቀብዬ አምስት ሰው ከማስቀይም፣ ሦስት ትዕዛዝ ቢቀርብኝ ይሻለኛል።»

የአክስቴ ልጅ እራት መብላቷን ቀስ በቀስ ነው የመለሰችው። አንድ ፎቶ ያበላሸውን ሌላ ፎቶ በአንድ ቀን አያቃናም፤ እንደዚያ ብዬ አልሸነግላችሁም። አዲሱን ፎቶ ግን ስልኳ ላይ የራሷ መለያ አድርጋዋለች፤ የመጀመሪያውን አድርጋው አታውቅም ነበር።

አክስቴም በቀደም ለጉዳይ አዳማ መጥተው ሱቁ ፊት ቆሙ። ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ዓይናቸው ወደ ጎን ሄደ። መቃኑን ከላይ እስከ ታች መረመሩት።

«አሁን በሩ ቀና» አሉ። ከዚያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

እስከሚቀጥለው ወር ቸር እንሰንብት።